«ቅዳሜ ገባን»፦ ለመጀመሪያ ቤታችሁ ፎቶ ጉራ የሌለበት ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል?

ታናሽ እህቴ በቅርቡ አንድ ፎቶና ከሥሩ የሚገባ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። «እትዬ፣ ማታ ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው ነው። ጉራ ይመስላል እንዴ?» አለችኝ። ይመስላል። ጉረኛ ብትሆን ኖሮ ግን አትጠይቀኝም ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው። ይህ መመሪያ የወጣው ከዚያ ምሽት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው በ1997 ዓ.ም. ገና ላጤ ሳለ ነው። በ2005 ዓ.ም. ዳግም ምዝገባ ሲደረግ 20/80 ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በየወሩ ባንክ እየቆጠበ ጠበቀ። ዕጣው ሲወጣ ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ደረሳቸው። እስከዚያው ሰርቪስ ቤት ተከራይተው አራት ጊዜ ዕቃ ጭነዋል። የሷ የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸውላችሁ፦

«በመጨረሻም የራሳችን ቤት!!! ከዓመታት ልፋት በኋላ፣ ማንም ሳይረዳን፣ በላባችን! የቤት ኪራይ ደህና ሁን! አትችሉም ላላችሁን ሁሉ ይኸው! ጠንክሮ የሠራ ሁሉ ይደርሳል። እግዚአብሔር ለሚወዳቸው እንዲህ ያደርጋል!»

መጀመሪያ ስልኩን አንሱና ደውሉ

አንድ ፊደል ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ዜና ከስክሪን ላይ ማንበብ የሌለባቸውን ሰዎች ቁጠሩ። እናት፣ አባት፣ ያሳደገች አክስት፣ ገንዘብ ያበደረ ሰው፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሆና በየወሩ የላከች እህት። እነዚህ ሰዎች በድምፅ ነው መስማት ያለባቸው። እኛ ቤት አንዲት አክስታችን የአንድ ዘመድ ቤት መግባት ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አይታ ዓመት ሙሉ ሳትረግጥበት ቀርታለች። ጽሑፉ ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የጎረቤት ልጅ ከእሷ ቀድሞ ማወቁ ነበር።

ስልኩ ሌላም ጥቅም አለው። ለእናታችሁ ስትነግሩ የምትሉትን ልብ ብላችሁ ስሙት። ማንም ለእናቱ «በላቤ ያገኘሁት» አይልም። «እማዬ፣ ገባን እኮ! ውኃ ግን አይወጣም» ነው የሚለው። የምትጽፉት ጽሑፍ ከዚህ ንግግር በጣም ከራቀ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ፎቶው ካበጠ ጽሑፉ አያድነውም

እህቴ የመረጠችው ፎቶ ቁልፉን ከነማንጠልጠያው ወደ ካሜራው ዘርግታ፣ ከኋላዋ በሩ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥሩ እየታየ የተነሣችውን ነው። ብዙ ሰው የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ሁለት ችግር አለው። የቁልፉ ጥርስ ጥርት ብሎ ከታየ በፎቶው ብቻ ሌላ ቁልፍ ማስቀረጽ ይቻላል። ቁጥሩ ደግሞ የትኛውን በር እንደሚከፍት ይናገራል። ካርታና ውልም እንደዚያው ነው፤ ስም፣ ፎቶና የይዞታ መለያ ያለበት ወረቀት ለሕዝብ የሚታይ አይደለም። የግድ ቁልፍ ካማራችሁ ጥርሱን በመዳፋችሁ ሸፍኑት።

ከደኅንነቱ ባሻገር የጨዋነት ነገርም አለ። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን አንድ ላይ የያዘ ፎቶ የዕቃ ዝርዝር ይመስላል። ከሥሩ «ተመስገን» ብትሉም ዓይን የሚሄደው ወደ ሶፋው ነው። ጠጋ ብላችሁ አንድ ነገር ብቻ አንሡ። ስልኳን ስናገላብጥ ያገኘነው ፎቶ የተሻለ ነበር፦ ገና ያልተነጠፈበት ሊሾ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ረከቦት ስላልነበረ ሲኒዎቹ የተደረደሩት በተገለበጠ ካርቶን ላይ ነው፤ ጠርዙ ላይ የቢጫ ጀሪካን ግማሽ ይታያል። ሰው የለበትም። ያ ፎቶ ብቻውን ግማሹን ጽሑፍ ጽፎልናል።

አሁን ሰርዙ

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ለራሳችሁ እንደፈለጋችሁ ጻፉት፤ ደስታ ነውና ይውጣ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? የእህቴን ጽሑፍ እንዲህ አበጠርነው።

«ማንም ሳይረዳን»። እውነት አይደለም። ቅድሚያ ክፍያው ላይ የጎደለውን የሞላው የአማቷ ዕቁብ ነው። የውስጥ በሮቹን ያስገጠመው ወንድማችን ነው። ይህች ሐረግ በሁለት ቃል ሁለቱን ሰርዛቸዋለች። እነሱ ደግሞ ያነቡታል። ምንም አይሉም፤ ግን ያነቡታል።

«አትችሉም ላላችሁን ሁሉ ይኸው»። «ማን ነው ያላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። አሰበች፣ አሰበች፣ አንድ የሥራ ባልደረባዋን ጠራች። እሱም በቀልድ ነው ያላት። ለአንድ ሰው የተወረወረ ሽሙጥ ሦስት መቶ ሰው ላይ ያርፋል፤ ሁሉም «እኔን ይሆን?» ይላል። ይውጣ።

«የቤት ኪራይ ደህና ሁን»። ክፉ አይመስልም። ነገር ግን ከጓደኞቿ ብዙዎቹ ገና ተከራይ ናቸው፤ አንዷ በዚያው ሳምንት አከራይዋ ጨምሪ ወይም ልቀቂ ብለዋታል። ወጥተሽ ስታበቂ በሩን በኃይል እንደመዝጋት ነው። ይውጣ።

«ጠንክሮ የሠራ ሁሉ ይደርሳል»። ከሁሉም የከፋችው ይህች ናት። ቤቱ የደረሳቸው በዕጣ ነው። ከባሏ ጋር በ1997 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተሰልፎ የተመዘገበ የሰፈር ልጅ አለ፤ ሳያቋርጥ ቆጥቧል፤ አልወጣለትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚረዳው «አንተ ሰነፍ ነህ» ተብሎ ነው። ቤቱን በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰውም ቢሆን ምክርነቱን ቢተወው ይሻለዋል፤ በቤት መግቢያ ቀን ምክር የጠየቀ የለም።

«እግዚአብሔር ለሚወዳቸው እንዲህ ያደርጋል»። እዚህ ላይ ተከራከርን። «ምስጋና እኮ ነው» አለች። ምስጋና «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ያልተሰጣቸውን ሰዎች ያልተወደዱ የሚያደርግ ነገር ግን ምስጋና ሳይሆን መመጻደቅ ነው። አጭሩ ይበቃል።

«በመጨረሻም» እና ሦስቱ ቃለ አጋኖ ቀሩ። «በመጨረሻም»ን ብዙም አልጠላትም፤ ድካም አለባት። ሆኖም ሁሉም ስለሚጽፋት ማንም አያነባትም። ቃለ አጋኖውን በአራት ነጥብ ተኩት። ለአንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «የራሳችን ቤት!!!» ጩኸት ነው፤ «የራሳችን ቤት።» እፎይታ ነው።

ግሡ ላይ ተጠንቀቁ

ከተሰረዘው በኋላ የቀረችው አንዲት ሐሳብ ናት፦ ቤት ገባን። ይህችን በየትኛው ግሥ እንደምትሉት ብዙ ይለውጣል።

«ገዛን» ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ «በስንት?» ነው። ስለ ዋጋ መልስ መስጠት ካልፈለጋችሁ ጥያቄውን አትጋብዙ። «ሠራን» መሬቱንና ግንበኛውን ያስታውሳል፤ በእርግጥ ያስገነባችሁት ከሆነ ልክ ነው። «ደረሰን» ለዕጣ ቤት እውነተኛው ቃል ነው። ባለ ድርጊቱ ቤቱ ነው፤ እናንተ ተቀባይ ናችሁ። «ተረከብን» የቢሮ ሽታ አለው። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ «ገባን» ነው። ቪላ የገዛም፣ ስቱዲዮ የደረሰውም፣ በማኅበር የሠራም እኩል ይገባል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። «ገባን» ብላችሁ ብቻውን ከጻፋችሁት «ተረዳን» ማለትም ነው። እህቴ የመጀመሪያ መስመሩን «ገባን።» ብላ ብትጀምረው ከሥሩ «ምኑ?» የሚል አስተያየት እንደሚጻፍ እወራረዳለሁ። ቀኑን ጨምሩበት፦ «ቅዳሜ ገባን።» አለቀ።

«ባለቤት»ም ትጫወትባችኋለች። «ባለቤቴና እኔ የቤት ባለቤት ሆንን» የሚል በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው «ቤት» ላይ ምላስ ይታሰራል።

ከዚያ «ቤቴ» ወይስ «ቤታችን»? ብቻችሁን ብትኖሩም አማርኛችን «ቤታችን»ን ይፈቅዳል። «እኛ ቤት ኑ» ብቻውን የሚኖር ሰውም ይላል። ይህ የሌለ ሰው መጨመር ሳይሆን ልማዱን መጠቀም ነው።

«ጎጆ»ን ግን ተጠንቀቁ። «ጎጆ ወጣን» አዲስ ተጋቢ ያስመስላል፤ ሁለት ልጅ ይዞ የገባ ሰው ቢለው ያስቃል። ሌላው ደግሞ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ አንሥቶ «ትንሿ ደሳሳ ጎጇችን» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ትሕትና አይደለም፤ አንባቢው «ኧረ ምን ደሳሳ፣ ቤተ መንግሥት እኮ ነው!» እንዲል መለመን ነው። «አሁን ይህን ሁሉ መታጠቢያ ቤት ማን ሊያጸዳው ነው?» የሚለውም የዚያው ወንድም ነው። ቤቱ ትልቅ ከሆነ ስለ መጠኑ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከማሳነስ ይሻላል።

አንድ ነገር በቅርብ አሳዩ

ከተሰረዘ በኋላ ጽሑፉ ባዶ ይመስላችኋል። «ቅዳሜ ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን።» ብላችሁ ብትተዉትም ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። መጨመር ካማራችሁ ግን ስሜት ሳይሆን ነገር ጨምሩ። «ደስታዬን መግለጫ ቃላት የለኝም» ለማንም ሰርግ፣ ለማንም ምረቃ ይሆናል። በእናንተ ቤት ብቻ የሆነውን ፈልጉ።

እህቴን «ቅዳሜ ምን ሆነ?» አልኳት። ውኃው እስከ አራተኛ ፎቅ እንደማይወጣ፣ ከታች በጀሪካን እያመላለሱ ቡና እንዳፈሉ ነገረችኝ። ባሏ ሁለተኛውን ጀሪካን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ተቀምጦ «የተመዘገብኩት እኮ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው» አለ። ይህ ነው ጽሑፉ።

የጎደለ ነገር መናገር ጉራን ያበርዳል፤ ግን መጠን አለው። ውኃው አንድ ነገር ነው። በሩ ይጮኻል፣ መስኮቱ ያፈሳል፣ መብራቱ ቆጣሪ አልገባለትም ብላችሁ ከደረደራችሁ ቤት ያልደረሰው ሰው «ለእኔ ስጡኝ» ይላል። አንድ ይበቃል፤ እሱንም በፈገግታ። ስለ ዕዳውም እንዲሁ። 20/80 ቤት ገና ሰማንያ በመቶው የባንክ ብድር ሊሆን ይችላል፤ «አሁንም የባንኩ ነው» ብሎ መቀለድ ያምራል። የወር ክፍያውን በቁጥር መጻፍ ግን የገቢ መግለጫ ይሆናል።

ምስጋናው ለማን?

ሥራቸውን ጥሩ እንጂ ሙሉ ስማቸውን አትዘርዝሩ። ስም ከዘረዘራችሁ የተረሳ አይጠፋም። «የእማማ ዕቁብ» ስትሉ ሴትየዋም ነገሩም ይታወቃሉ። ብድር ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ገንዘብ ያበደረ ሰው በአደባባይ ሲመሰገን ማግስቱን ሌላ ተበዳሪ በሩን ያንኳኳል። ዓረብ አገር ያለች እህትም ስሟ እንዲነሣ ላትፈልግ ትችላለች፤ «ለእነሱ ከላክሽ ለኛስ?» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። ተቃራኒውም ብዙ ቤት ውስጥ አለ፦ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የእህቱ ሆኖ «ቤት ገዛሁ» ብሎ የሚለጥፍ ወንድም። እሷ እዚያ በሰው ቤት ወጥ እየሠራች ታነበዋለች። ይህን በሰዋስው አናስተካክለውም።

እህቴ በራሷ ያመጣችው ሐሳብ አከራይዋን ማመስገን ነው። ሁለት ወር ኪራይ ሲያልፋቸው ድምፃቸውን ያላሰሙ ሴትዮ ናቸው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ላልደረሳቸውስ?

«ላልደረሳችሁም ያድርሳችሁ» ልማዳችን ነው፤ ፊት ለፊት ሲባል ደስ ይላል፤ «አሜን» ይባልበታል። በጽሑፍ ግን ከላይ ወደ ታች የተወረወረ ሊመስል ይችላል፤ በተለይ ከደማቅ ፎቶ ሥር። እኔ ብትተዉት እመርጣለሁ። ያንን በዕጣ ያልወጣለትን የሰፈር ልጅ ባሏ በስልክ አገኘውና ነገረው። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ በማግስቱ ግን መጥቶ የመጋረጃ ዘንግ ሲሰቅል ነበር።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ቁጥጥር

ርዝመቱን እዩ። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ይቀበላል፤ የሚያሳየው ግን የመጀመሪያዎቹን 125 ያህል ነው፤ ቀሪው ተጭነው ካልከፈቱት አይታይም። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር ያለ ክፍያ የሚገባው 1,024 ነው። ዋናው ነገር የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን። አምስት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ንግግር ሆኗል።

ሁለተኛ፣ «ቡና ኑ» የሚል ካለበት በደንብ አስቡበት። እኛ አገር ይህ ጌጥ አይደለም፤ ጥሪ ነው። ሰው ይመጣል። ድፎ ዳቦ ደፍታችሁ፣ ወንበር ተውሳችሁ መጠበቅ ካልቻላችሁ አውጡት። የምርቃቱን ቀን ቆርጣችሁ በስልክ ትጠራላችሁ።

ከለጠፋችሁ በኋላ ለ«እንኳን ደስ አላችሁ» መልሱ «አሜን፣ እናመሰግናለን» ነው። «የሳቅ የደስታ ቤት ያድርግላችሁ» ላላችሁም «አሜን»። «ስንት ካሬ ነው?» ላለ «መጥታችሁ ለኩት» በሉት፤ ቀልድም ነው፣ ማምለጫም ነው።

እንግዲህ ከብዙ መሰረዝ በኋላ ማታ የወጣው ይኸው ነው፤ ፎቶው የቄጠማውና የካርቶኑ ነው፦

«ቅዳሜ ገባን። ውኃው አራተኛ ፎቅ ስለማይወጣ የመጀመሪያውን ቡና ያፈላነው ከታች በጀሪካን አምጥተን ነው። ዕጣው ደረሰን፤ የጎደለውን የእማማ ዕቁብና የወንድማችን እጅ ሞላው። ሁለት ወር ኪራይ ሲያልፈን ዝም ያሉንን አከራያችንንም አንረሳም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

የመጀመሪያውን አስተያየት የጻፉት እኚሁ አከራይ ናቸው። «አሜን ልጆቼ። ጀበናው ግን የእኔ አይደለም እንዴ?»